ጣሪያ የሌለው ቤተ መንግሥት እና የሚኤሶ ሐዲድ

ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ለዛሬ ያነሳሳኝ የአንድ ተማሪዬ ጥያቄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከታሪክ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ወርደን ነበር። የድሮውን የባቡር መስመር ለማየት ነው የሄድነው። ሐዲዱ መሐል ሣር በቅሎ፣ በአንዳንድ ቦታ ብረቱ ራሱ የለም፤ ተነቅሎ ተወስዷል። ተማሪዎቼ ፎቶ ሲነሱ አንዷ ዝም ብላ ቆይታ፣ "ቲቸር፣ ይሄን ጦርነት ነው ያፈረሰው?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። ጦርነት ያፈረሰውማ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ግራ ገባት። እኔም ስመልስላት ነው የነገሩ እንግዳነት የገባኝ።

እውነቱ ይሄ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች፣ የመኪናውንም የባቡሩንም፣ አፍርሶ ነው ያለፈው። ያኔ ይቺ የእኛ ከተማ በጣሊያን ካርታ ላይ "አስባ ሊቶሪያ" ትባል ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን የሞዴል አውራጃ ለማድረግ ሲለፉ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ፣ ፋሺስት በራሱ ስም ሊያጠምቃት ሞክሮ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዋሽ ሲደርስ ድልድይ የለም። ቢሆንም ተሻግረው መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ድልድዩ በኋላ ተሠራ። እንደገና በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት የባቡር ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ያም ተጠገነ። አያቴ በዚያን ጊዜ በመስመሩ ላይ በቀን ሠራተኛነት ነበሩ፤ "ድልድይ ሲሠራ ቀንም ሌሊትም የለም፣ ያኔ ማንም አልተከራከረም" ይሉ ነበር።

ማንም አልተከራከረም። ይህቺን አባባል ያዙልኝ። ድልድይ ሲፈርስ "እንደነበረው እንሥራው ወይስ ዘመናዊ እናድርገው ወይስ ፍርስራሹን ለመታሰቢያ እንተወው?" የሚል ሰው የለም። ሰው መሻገር አለበት፣ እህል መሻገር አለበት። በተገኘው ብረት ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ጦርነት ያልገደለውን መስመር የገደለው እርጅናና ከጎኑ የተዘረጋው አዲሱ ባለኤሌክትሪክ ሐዲድ ነው። አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ስፋት አለው፤ የድሮው አንድ ሜትር ብቻ። አንዱ ባቡር በሌላኛው ሐዲድ ላይ መሄድ አይችልም። የድሮው ቆሞ ቀረ።

ክርክር የሚነሳው የፈረሰው ነገር ጥቅሙ ሲያልቅና ትርጉሙ ሲቀር ነው። ይህን ለማስረዳት ከእኛ አገር የምወስደው ጎንደርን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለጓደኛዬ ሠርግ ሄጄ ሁለት ሙሉ ቀን ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ሙሽራው እስካሁን ይቅር አላለኝም።

ፋሲል ግቢ ስትገቡ ሁሉም ሰው ወደ አጤ ፋሲል ቤተ መንግሥት ነው የሚሮጠው። እኔም ሮጫለሁ። ግን አጠገቡ አንድ ሌላ አለ፤ የቀዳማዊ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ የሚባሉት ንጉሥ ቤት። በውጭ ሲያዩት እንደ ኮርቻ ነው፤ ሁለቱ ጫፍ ከፍ ብሎ መሐሉ ዝቅ ያለ። ውስጡ ስትገቡ ሰማይ ነው የምታዩት። ጣሪያ የለውም። እንደሚነገረው ይህ ቤት ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 ነግሠዋል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ንጉሡን ለማከም ጎንደር የመጣው በእሳቸው ዘመን ነው። ዛሬ ከዚያ ጌጥ ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ማን አፈረሰው? ሁለት እጅ አለበት። የመጀመሪያው በ1704 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ነው። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ምድር የቀረው የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር፣ በጄኔራል ናሲ የሚመራው፣ ጎንደር ላይ ነበር። ጣሊያኖች የነገሥታቱን ግቢ ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙበት ነበር። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፣ እንግሊዞችና አርበኞች በየብስ ገፉ፣ ናሲ ኅዳር 18 ቀን እጁን ሰጠ። ነፃ ያወጣን ቦምብ የኢያሱንም ቤት ነካ። አንድ ተማሪዬ ይህን ስነግረው "ታዲያ ማንን እንክሰስ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጎንደር በጦርነት ስትፈርስ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አቃጥለዋል፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ነደዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዱ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምም ያኔ ተጎዳ። አሁን ቁስቋም ብትሄዱ አንድ የሚገርም ነገር ታያላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቶ ይቀደስበታል፤ አጠገቡ ያለው የእቴጌዋ ቤተ መንግሥት ግን ፍርስራሹ እንዳለ ቆሟል። አንድ ግቢ፣ አንድ ጥፋት፣ ሁለት ዕጣ። ለምን? ቤተ ክርስቲያኑ ምእመን አለው፤ ቅዳሴ በፍርስራሽ ውስጥ አይቀጥልም። ቤተ መንግሥቱ ግን እቴጌ የለውም።

በቅርቡ ያየነው የነጃሺ መስጊድም እንደዚሁ ነው። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለው ይህ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲመታ ጉልላቱና ሚናራው ተጎዱ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቱርኮች ያደሱት ነበር። እዚህ ሐረርጌ ያለን ሙስሊም ወዳጆቼ ፎቶውን ሲያዩ ያለቀሱ አውቃለሁ። ለእነሱ "ለትምህርት ፍርስራሹ ይቆይ" ብትሏቸው እንደ ስድብ ነው። ሰው የሚሰግድበት ቤት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ የዲዛይን አይደለም፤ በዚህ ቤት ውስጥ አሁን የሚኖር ወይም የሚጸልይ ሰው አለ ወይ የሚል ነው። ካለ ይሠራል። ከሌለ ነው ክርክሩ የሚጀመረው። የኢያሱ ቤት ሰው የለውም።

ስለዚህ ሦስቱን ምርጫ በዚያ ቤት ላይ እንሞክራቸው።

አንደኛው እንደነበረው መሥራት ነው። ብዙ ሰው የሚወደው ይሄንን ነው። "ዋርሶን አላየህም?" ይሉኛል። አይቻለሁ፣ በመጽሐፍ። ናዚዎች ዋርሶን በ1944 ሲያወድሙ ከአሮጌው ከተማ ከ85 በመቶ በላዩ ጠፋ። ፖላንዶች ግን መልሰው ሠሩት፤ በ1980 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። ግን በምን ሠሩት? የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከጦርነቱ በፊት የለኩትና የሳሉት የቤቶቹ ንድፍ ነበራቸው፤ ንድፉን በጦርነቱ ጊዜ ደብቀው አቆዩት። ካናሌቶ የሚባለው ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሳላቸው የከተማዋ ሥዕሎችም ነበሩ። በቦስኒያ የሞስታር ድልድይም እንዲሁ ነው። በ1566 የተሠራውን በ1993 በመድፍ ጣሉት፤ በ2004 ተመልሶ ቆመ። ድንጋዩን ከዚያው ዓይነት ካባ አወጡ፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያያይዘውን ብረት እንደ ጥንቱ በቀለጠ እርሳስ አጣበቁት። ያም ድልድይ ከመፍረሱ በፊት ልክ ነበረው፣ ፎቶው ነበረ።

የኢያሱ ቤት ምን አለው? ግድግዳው ቆሟል፣ ቁመቱን መለካት ይቻላል። ጣሪያው ግን? የውስጡ ጌጥ? መስታወቱ የት ነበር፣ የዝሆን ጥርሱ በምን ቅርጽ ተለጠፈ? ስለዚያ ያለን ወሬ እንጂ ንድፍ አይደለም። ወሬን ደግሞ ግንበኛ አይገነባውም። ግንበኛው "ስፋቱ ስንት ነው፣ ከየት ይጀምራል?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። እሱ ሲጠይቅ አንዱ በግምት "እንዲህ አድርገው" ይለዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆቻችን ያንን ግምት የንጉሡ ሥራ ነው ብለው ፎቶ ይነሱበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቬኒስ ላይ የጸደቀው የቅርስ ጥበቃ ቻርተር ይህንኑ ነው የሚከለክለው፤ እድሳት ግምት የሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም አለበት ይላል። የጎደለውን የሚተካ አዲስ ሥራ ከአሮጌው ጋር የተስማማ፣ ግን ከቅርብ ሲያዩት የሚለይ ይሁንም ይላል። እኔ ይሄ ትክክል ይመስለኛል። ልክ ሳይኖር እንደነበረው መሥራት አይቻልም፤ የሚቻለው እንደመሰለን መሥራት ነው።

ሁለተኛው ዘመናዊ መተኪያ ነው። በአርማታ ጣሪያ ማልበስ፣ በሲሚንቶ ማሰር። ይህ የሩቅ ሐሳብ አይደለም፤ ጎንደር ላይ ተሞክሯል። ጣሊያኖች በያዙበት ዘመን ግቢውን ሲያድሱ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቅመዋል። ከነፃነት በኋላ፣ በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ እርዳታ በተካሄደው ሥራ፣ ያንን ትቶ ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ከዚያ ሥራ በኋላ ነው።

ሲሚንቶ ለምን መጥፎ ሆነ? ይህን ነገር በደንብ እንየው፤ ምክንያቱም እዚህ ጭሮም የአባቶቹን የድንጋይ ቤት በሲሚንቶ ለስኖ "አጠነከርኩት" የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ።

የጎንደር ግንብ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የሚያያይዘው ኖራ ነው። ኖራ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ተቃጥሎ ነው። ከእሳት ሲወጣ ውሃ ይጨመርበታል፤ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ይፈርሳል። ከዚያ እንደ ገንፎ ሆኖ ለወራት ቢቀመጥ ይበልጥ ጥሩ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ግንብ ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይጠነክርም፤ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ እያለ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ይህ ማለት ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ዝናብ ሊነካው አይገባም፣ የጎንደር ክረምት ሲመጣ ሥራው መቆም አለበት። ጠንካራ ግን ለስላሳ ነው። ግንቡ በሙቀትና በብርድ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ኖራው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዋናው ነገር ደግሞ ይተነፍሳል። በክረምት ድንጋዩ መሐል የገባው ውሃ በበጋ በኖራው በኩል ተንኖ ይወጣል።

ሲሚንቶ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይይዛል፣ ውሃ አያሳልፍም። ግንበኛው ደስ ይለዋል። ውሃው ግን ከላይ ወይም ከመሬት ገብቷል፣ በሲሚንቶው በኩል መውጣት አይችልም። ስለዚህ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ሲወጣ ጨው ተሸክሞ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨው በድንጋዩ ቆዳ ሥር ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ያብጣል፣ የድንጋዩን ፊት እየገፈፈ ይጥለዋል። ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ስታዩት የሲሚንቶው መስመር እንደ ጅማት ወጥቶ ቆሞ፣ ድንጋዩ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ታዩታላችሁ። ሊያድነው የመጣው ቀርቶ፣ ሊድን የታሰበው ጠፋ። አርማታው ደግሞ ውስጡ ፌሮ አለው። ውሃ ስንጥቅ አግኝቶ ፌሮው ጋ ሲደርስ ይዝጋል፤ ዝገት ከብረቱ እጅግ የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ከላይ ያለ ከባድና ግትር ሰሌዳ ሥሩ ያለውን ለስላሳ የኖራ ግድግዳ እንደ መዶሻ ነው የሚመታው። ኢያሱ ቤት አንድ ጊዜ መንቀጥቀጥ እንደመታው አትርሱ።

አንድ ግድግዳ በኖራ ይሁን በሲሚንቶ መታደሱን መለየት ትፈልጋላችሁ? ቅርስ ላይ አትሞክሩት እንጂ በራሳችሁ ቤት ሞክሩ። በምስማር ጫሩት። ኖራ ይጫራል፣ ነጭ ዱቄት ይሰጣል፤ ሲሚንቶ ምስማሩን ያንሸራትተዋል፣ ቀለሙም ወደ ግራጫ ያደላል። ከዝናብ በኋላ ነጭ የጨው ብናኝ ግድግዳው ላይ ከወጣ፣ ወይም የግድግዳው የታች ክንድ የሚያህል ከፍታ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ፣ ውሃው መውጫ አጥቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፋሲል ግቢ በቅርብ ዓመታት ሲታደስ ፎቶዎቹ ፌስቡክ ላይ ወጥተው "ነጭ አደረጉት፣ ቀለም ቀቡት!" የሚል ጩኸት ተነስቶ ነበር። እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን አዲስ ኖራ ነጣ ያለ ነው፤ እኛ የምናውቀው ጥቁረት ደግሞ የንጉሡ ቀለም ሳይሆን የዘመናት ዝናብ፣ አቧራና ሽበት የመሰለ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ነገር ድምር ነው። በጊዜ መልሶ ይጠቁራል። ስለ እድሳት የምንጠይቀው ጥያቄ "ነጣ ወይ?" ሳይሆን "ኖራ ነው ወይስ ሲሚንቶ?"፣ "ምን ተመዘገበ፣ ከሥራው በፊት ፎቶ ተነስቷል ወይ?" መሆን ነበረበት። ሥራውን ያየ ባለሙያ በዚህ ቢያስተካክለኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ምርጫ እንዳለ መተው ነው። ይህን ስል ሰው የሚመስለው በሩን ዘግቶ መሄድ ነው። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጣሪያ የሌለው ቤት ካልተነካ አይቆምም፤ ይፈርሳል። ለምን? ጣሪያ ያለው ግድግዳ ራሱ የተከደነ ነው። ጣሪያው ሲሄድ የግድግዳው አናት ክፍት ይሆናል። በግድግዳው ሁለት ፊቶች መሐል ያለው ሙሌት ደቃቅ ድንጋይና ኖራ ነው፤ ዝናብ ከአናቱ ይገባል፣ ሙሌቱን ያጥባል፣ ሁለቱ ፊቶች ይለያያሉ፣ ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። ያን ጊዜ በአንድ ክረምት ይናዳል። ወፍ የዋርካ ፍሬ በልታ ስንጥቁ ላይ ትጥላለች፣ ዋርካው ይበቅላል፣ ሥሩ ግንቡን ይከፍለዋል። ሲቆርጡት ደግሞ ሥሩ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ክፍት ቦታ ይተዋል።

ስለዚህ "መተው" የሚባለው ነገር ሥራ አለው። የግድግዳውን አናት በኖራ ሸፍኖ ውሃው ወደ ውጭ እንዲፈስ ማዝመም። የተነፋውን ቦታ በኖራ ውሃ ቀስ እያሉ መሙላት። የበቀለውን ገና ችግኝ ሳለ መንቀል፣ በየዓመቱ። ከመሠረቱ ዙሪያ ቦይ ማውጣት። የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጎ በየስድስት ወሩ መለካት፤ ስንጥቁ ካልሰፋ አሮጌ ቁስል ነው፣ ከሰፋ አሁንም የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ጃፓኖች ሂሮሺማ ላይ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፈውን ባለጉልላት ሕንፃ ፍርስራሹን ሳይነኩ እንዲቆም ወስነው፣ በ1967 የመጀመሪያውን የማጠናከር ሥራ ሠሩለት፤ ከዚያም ደጋግመው። ሲያዩት ትናንት የፈረሰ ይመስላል። እንደዚያ እንዲመስል ግን በየጊዜው ገንዘብና ባለሙያ ይፈስበታል።

እኔ ለኢያሱ ቤት ይህን ሦስተኛውን ነው የምመርጠው። ግምት ስለሌለበት ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በዚያ ክፍት ጣሪያ ሥር ቆሜ የመሬት መንቀጥቀጡንም፣ የዘመናቱንም ዝናብ፣ የ1934ቱንም ቦምብ አንድ ላይ አይቻለሁ። ጣሪያ ቢለብስ አጤ ኢያሱን ብቻ ነው የማየው፤ ያውም የተገመቱትን ኢያሱ። ጎንደሬ ጓደኛዬ ግን አልተስማማኝም። "አንተ እንግዳ ነህ፣ መጥተህ አይተህ ትሄዳለህ፤ እኛ ከቤታችን ፊት ፍርስራሽ ነው ያለን" አለኝ። ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞከርኩ፣ አልተሳካልኝም። የሱ ልጆች የሚያድጉት እዚያ ነው።

ወደ ሚኤሶ ልመለስ። ተማሪዎቼ ከጉዞው ስንመለስ ክፍል ውስጥ ተከራከሩ። አንዱ ቡድን የድሮው መስመር ተጠግኖ ባቡር ይሂድበት አለ። ሌላው ብረቱ ተሽጦ መንገድ ይሠራበት አለ። ሦስተኛው እንዳለ ይተው አለ። የመጀመሪያውን ቡድን "ሐዲዱ አንድ ሜትር ነው፣ መኪናውን ከየት ታመጣላችሁ?" አልኳቸው። ሁለተኛውን "ከሸጣችሁት በኋላ ልጆቻችሁ ሚኤሶ ለምን እዚህ ቦታ እንደተቆረቆረች በምን ታስረዷቸዋላችሁ?" አልኳቸው፤ ከተማዋ ሐዲዱን ተከትላ ነው ያደገችው። ለሦስተኛው ቡድን ግን የኢያሱን ቤት ግድግዳ ነገርኳቸው። እንዳለ የተተወ ሐዲድ በየዓመቱ ብረቱ ሲቀንስ እያየነው ነው። ጠባቂ የሌለው "መተው" ማፍረስ ነው፤ ቀስ ያለ ብቻ።

አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ሚኤሶ ላይ አገኘን። ኦቦ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ ቁጭ አድርገው ውሃ ሰጡን። ተማሪዎቼ የቱ ይሻላል ብለው ሲጠይቋቸው ሳቁና፣ "እኔ ሐዲዱን አይደለም የምፈልገው፣ የባቡሩን ድምፅ ነው" አሉ። ከዚያ ግን ተነስተው በከዘራቸው መሬት ላይ መሳል ጀመሩ፤ የውሃ ማማው እዚህ፣ የዕቃ መጋዘኑ እዚያ፣ ባቡሩ የሚቆምበት ይሄ፣ የጫት ጭነት የሚወርድበት ያ። ተማሪዎቼ ደብተር አውጥተው ቀዱ። ስመለስ መኪና ውስጥ የዋርሶ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ።

እናም በሚቀጥለው ወር ሜትር ይዘን እንመለሳለን። የሚመለከታቸውን አስፈቅደን የጣቢያውን ቤት እንለካለን፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በርና መስኮት ፎቶ እናነሳለን፣ ንድፉን በሁለት ቅጂ እንሥላለን። አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጣል፣ አንዱ እኔ ጋ። ሽማግሌው የሳሉትንም ለብቻው አስቀምጠናል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከሚኤሶ፣ ከአሰቦት፣ ከአፍደም፣ ከአዋሽ የመጣ የድሮ ፎቶ ቤታችሁ አልበም ውስጥ ካለ፣ አባታችሁ ጣቢያው ፊት ለፊት የተነሱት ቢሆን እንኳ፣ በስልክ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከሰውየው ኋላ ያለው ግድግዳ ነው የሚያስፈልገኝ፤ መስኮቱ ስንት እንደነበረ ገና አልተስማማንም። አንዱ ተማሪ አራት ነው ይላል፣ ሽማግሌው አምስት ነው ብለውኛል።